ከመቶ ሦስት

የሺዓለም ኮከቧን ያስቀመጠችው እንደ ልማዷ ነው፤ ክፉ ነገር አላሰበችም።

ስታቲስቲክስ በምትሠራበት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ደንብ፣ በሠንጠረዥ ላይ ያለ አንድ ውጤት እንዲሁ በአጋጣሚ የሚገኘው ከመቶ አምስት ጊዜ ባነሰ ከሆነ፣ ከጎኑ ትንሽ ኮከብ ይደረግለታል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን ዕድል ፒ ይሉታል። ቀሪው የጣቢያው ሰው ግን ፒን አያውቃትም፤ የሚያውቀው ኮከቧን ነው። ታይፒስቷ ኮከብ ፈልጋ ትጽፋለች፣ ዳይሬክተሩ ኮከብ ፈልገው ያነባሉ፣ የዓመቱ ሪፖርት ሲዘጋጅም ኮከብ ያለው ይገባል፣ የሌለው ይቀራል። የቲማቲም ዘር ይሁን የሽንኩርት ማዳበሪያ ማንም አይጠይቅም። ኮከብ ካለው አለቀ፤ እውነት ነው።

ስለዚህ ዳይሬክተሩ ዶክተር ንዋይ ዓለም ጤና ከተማ ካለው ንዑስ ጣቢያ የመጣ ቁጥር አምጥተው «ይህን ቶሎ አስልተሽ ስጪኝ» ሲሏት፣ አስልታ ሰጠች። የሽንኩርት ችግኝ ነው የሞተው። ሃያ ውኃ አጠጪዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር መደብ ይዘዋል። ከሁለት መቶው መደብ አርባው ደርቋል። ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ይደርሳል። አንዱ ሰው ላይ ግን ከአሥሩ አምስቱ ደርቆ ተገኘ። የሺዓለም መደመሪያ ማሽኗን ስትነካካ ቆይታ ከመቶ ሦስት አገኘች፤ ከስሙ ጎንም ኮከብ አደረገች። ስሙ ገመዳ ይላል።

ኦቦ ገመዳን ታውቃቸዋለች። ዓለም ጤና በሄደች ቁጥር አካፋቸውን ቦዩ ዳር ተክለው «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ» የሚሏት፣ ደኅና ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ የጎን ጥርሳቸው የወለቀ ሽማግሌ ናቸው። ይህን ስታስብ እንኳ ነገሩ አልከነከናትም። ቁጥር ቁጥር ነው ብላ ወደ ቲማቲሟ ተመለሰች።

በሳምንቱ ጓድ አብተው አዳማ ያለው ቢሮዋ ገባ። አብተው የጣቢያው የፓርቲ ተጠሪ ነው። ድሮ ንብረት ክፍል ሚስማርና ዚንጎ ይቆጥር ነበር፤ አሁን ሰው ይቆጥራል። በሩን አያንኳኳም። አንድ የተተየበ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋና ብዕሩን ከላዩ አጋደመው።

«ፈርሚ፣ ጓድ የሺዓለም።»

አነበበችው። «የውኃ አጠጪው ገመዳ የኢኮኖሚ አሻጥር በሳይንስ ተረጋግጧል። ግለሰቡ ጥፋተኛ የመሆኑ ዕድል ዘጠና ሰባት በመቶ መሆኑ በባለሙያ ተሰልቷል» ይላል። ዘጠና ሰባቱን ከየት እንዳመጣው ወዲያው ገባት፤ ከመቶ ላይ ሦስት ቀንሶ ነው። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ መቀነስ ይችላል።

«እሳቸው የት ናቸው?» አለች።

«ዓለም ጤና፣ ቀበሌ ታስሯል። ዛሬ ወደ አውራጃ ይተላለፋል።»

አውራጃ የተላለፈ ሰው ምን እንደሚሆን አዳማ ውስጥ የማይጠየቅ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ይመለሳል፤ የተመለሰውም አይናገርም። የሺዓለም ብዕሩን አየችው። ብትፈርም ሽማግሌው ይሄዳሉ፤ ባትፈርም እሷም ተከትላ ልትሄድ ትችላለች።

«ጓድ አብተው፣ ቁጥሩ እንዲህ አይልም» አለች ቀስ ብላ።

«ቁጥሩን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ።»

«ኮከቡንስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ከኮከብሽ ጋር ምን አጣላሽ?»

ዶክተር ንዋይ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ባሕር ማዶ የተማሩ ናቸው፤ የዘጠና ሰባቱን ስህተት ከእሷ ይልቅ ያውቁታል። ነገር ግን የተማረ ሰው ሲፈራ ካልተማረው ይብሳል፤ የሚፈራበትን ምክንያት ሁሉ በዝርዝር ያውቃልና። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ከሰዓት በኋላ ዓለም ጤና የውይይት ክበብ አለ አይደል? እዚያ ታስረዳና...» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

አብተው አሰበበትና ፈገግ አለ። «መልካም። ከአውራጃ ጓድ ደሊልም ይገኛል። በእሱ ፊት ታስረጂና እዚያው ትፈርሚያለሽ።»

ከመሄዳቸው በፊት የሺዓለም ዘር ክፍል ገብታ ቦሎቄ ለቀመች፤ አርባ ቀይ፣ መቶ ስልሳ ነጭ። በትንሽ ጆንያ ቋጠረችው። መኪናው ሞጆን አልፎ ወደ ቆቃ ሲታጠፍ ዶክተር ንዋይ ጆንያውን አይተው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አሏት። ክፋት የለባቸውም፤ ለእሷ ሰግተው ነው። እሷም ምክሩ እውነት መሆኑ አልጠፋትም። ጉልበቷ ላይ ያለው ጆንያ ውስጥ ቦሎቄው ይንኮሻኮሻል።

የንዑስ ጣቢያው አዳራሽ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ አሁን መፈክር ተሰቅሎበት አዳራሽ ተብሏል። ሽታው ግን አልተለወጠም። ሠራተኛው አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ደልደል ያለ ሰው ለብቻው ወንበር ይዟል። ጓድ ደሊል እሱ ነው። አይጽፍም፣ አያጨስም፤ ዝም ብሎ ያያል። የሺዓለም ከአብተው ጩኸት ይልቅ የሰውየው ዝምታ አስፈራት።

አብተው ስለ አሻጥርና ስለ ንቃት ረዘም አድርጎ ከተናገረ በኋላ «ጓድ የሺዓለም ሳይንሱን ታብራራለች» ብሎ ተቀመጠ።

ተነሳች። ከዚያ «ፒ የሚባለው ቁጥር...» ብላ ጀመረች።

«እኔ ያሰላሁት አንድ ነገር ነው። ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ ችግኙ እንዲሁ በእጣ ቢሞት ኖሮ፣ አንድ ሰው ላይ ከአሥሩ አምስት ወይም ከዚያ በላይ የመድረሱ ዕድል ስንት ነው? መልሱ ከመቶ ሦስት ነው። መጀመሪያውኑ ‹ማንም አላጠፋም› ብዬ ተነስቼ ነው ያሰላሁት። ስለዚህ ቁጥሩ ኦቦ ገመዳ ያጠፉ መሆን አለመሆናቸውን አይናገርም። ንጹሕ የመሆናቸው ዕድል ከመቶ ሦስት ነው ማለት አይደለም፤ ጥፋተኛ የመሆናቸው ዘጠና ሰባት ነው ማለትም አይደለም።»

«ያው አይደለም እንዴ?» አለ አብተው።

«አይደለም። ቄስ ሁሉ ይጠመጥማል። የጠመጠመ ሁሉ ግን ቄስ ነው ማለት ነው? ሼክም ይጠመጥማል።»

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ደነገጠች። በፓርቲ ስብሰባ ላይ ቄስና ሼክ መጥራቷ ነው፤ ያውም ስሙ የሙስሊም በሆነው በደሊል ፊት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የጨነቃት ምሁርም ያገኘችውን ምሳሌ ታነሳለች። አንድ ሰው ከመሐል ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው። ደሊል ፊቱ አልተለወጠም።

«ምሳሌውን ተይው» አለ አብተው። «ከመቶ ሦስት ማለት ብርቅ ነገር ነው ወይስ አይደለም? አዎ ወይም አይደለም በይኝ።»

«ለአንድ ሰው ብርቅ ነው። እኛ ግን ያየነው አንድ ሰው አይደለም፤ ሃያ ሰው ነው። አስቀድመን ገመዳን ጠርጥረን ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ሃያውን ሁሉ አይተን የባሰበትን መረጥን፤ ከዚያ ‹ይህ ብርቅ ነው› አልን። ከሃያ ሰው መሐል ደግሞ አንዱ ላይ ክፉ እጣ መውደቁ ምንም ብርቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ ብንሞክር አንድ ጊዜ ያህል ይደርሳል።»

«ወሬ ነው» አለ አብተው። «አሳዪን።»

ይህን ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ ስትፈራውም ነበር። ጆንያውን ፈታች። «እዚህ ሁለት መቶ ቦሎቄ አለ። አርባው ቀይ ነው፤ የሞተ መደብ በሉት። ሃያ ሰው እየመጣ ሳያይ አሥር አሥር ያውጣ። ቦሎቄ አሻጥር አያውቅም።»

ሃያ ሰው ተመረጠ፤ ዶክተር ንዋይ፣ ዘበኛው ኑሬ፣ ሾፌሩ ራህመቶ፣ ከሠራተኛው ብዙው። አብተው «እኔም አለሁበት» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ጆንያውን ጥሩ አድርጋ አናወጠችው። በየተራ እጃቸውን እየከተቱ አወጡ፤ እሷ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከየስሙ ጎን የቀዩን ብዛት ጻፈች። አንድ፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ ሁለት። ኑሬ አራት ሲያወጣ አዳራሹ ተንሾካሾከ። ከዚያ በላይ ግን ማንም አላወጣም።

«ታዲያ!» አለ አብተው ወደ ኋላ ወደ ደሊል ዘወር ብሎ። «አምስት የሚባል የለም። ገመዳ ብቻ ነው አምስት ያለው።»

የሺዓለም ይህም ሊሆን እንደሚችል ታውቅ ነበር፤ ራሷ ናት ሁለት ጊዜ ሲሞከር አንድ ጊዜ ያህል ያለችው። ግን እውነትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እውነት በሰዓቱ እንዲደርስልህ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። «አንድ ዙር ብቻ ነው የሞከርነው» አለች። «እንድገመው።»

«ይደገም» አለ አንድ ሰው ከበሩ አጠገብ። ጓድ ደሊል ነው። እስከዚያ ድረስ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ቦሎቄው ተመለሰ፣ ጆንያው ተናወጠ። ኑሬ አሁን አንድ አወጣ። ዶክተር ንዋይ ሁለት፤ ከሁለት ባለማለፉ አምላክን ያመሰገኑ ይመስሉ ነበር። የአብተው ተራ ሲደርስ እጁን እስከ ክርኑ ከተተና ጨብጦ አወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረዘረው። ነጭ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ነጭ። ሲጨርስ ራሱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

አምስት ቀይ ነበር።

የሺዓለም ጠመኔዋን ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ለማንም ይድረስ ብላ ተመኝታ ነበር፤ ለእሱ ግን አላለችም። መጻፍም አለመጻፍም አስፈራት። በመጨረሻ «አብተው» ከሚለው ጎን አምስት ብላ ጻፈች። ኮከብ ግን አላደረገችም።

«ጓድ አብተው» አለ ደሊል ከኋላ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «መደቦቹን ምን አደረግሃቸው?»

አብተው ሳቀ። ማንም አልተከተለውም። ሳቁን አቆመና ግንባሩን በመሐረቡ ጠረገ፤ የሺዓለም ይህን ሰው ፈርቶ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። «ጓድ ደሊል፣ ይህ እኮ እጣ ነው» አለ። «እጄን ከትቼ አወጣሁ። እኔ ምን አደረግሁ?»

«ምንም እንዳላደረግህ በምን እናውቃለን?»

«እያያችሁኝ! ቦሎቄ ነው። ከሃያ ሰው አንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም፣ አሁን እሷ አላለችም? እኔ ላይ ወደቀ።»

የሺዓለም መናገር አልፈለገችም። አፏ ግን ተናገረ። «ኦቦ ገመዳም የሚሉት ይህንኑ ነው» አለች።

ከዚያ ደሊል አንድ ጥያቄ ወደ እሷ ወረወረ። «እንግዲያው ሰውየው ንጹሕ ነው ትያለሽ?»

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። አዳራሹ ሁሉ አዎ እንድትል የጠበቀ መሰላት፤ ዶክተር ንዋይ በዓይናቸው ይለምኗታል። ሆኖም አዎ ማለት የአብተውን ዘጠና ሰባት ገልብጦ መልበስ ነው።

«እንደሱም አልልም» አለች። «ቁጥሩ አጥፊ ናቸው አይልም፤ ንጹሕ ናቸውም አይልም። ያቺ ኮከብ ማለት ‹እስቲ እዚህ ጋ ሄደህ እይ› ማለት ብቻ ናት። መደቡ ለየሰው የተሰጠው በእጣ አልነበረም፤ የእሳቸው ከቦዩ ጫፍ ይሁን፣ አፈሩ ጨዋማ ይሁን፣ ትል ገብቶት ይሁን ማንም ሄዶ አላየም። ማየት ነው። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ያልዋልኩበትን ልፈርም አልችልም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ አብተው ነበር የቸኮለው። አምስቱ ቀይ ቦሎቄ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ስብሰባው እንዲረዝም አልፈለገም። «ጉዳዩ በመስክ ይጣራ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለስ» ብሎ አሳለፈ፤ ተጨበጨበለት። የተተየበውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዶክተር ንዋይ ደጋግመው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉ። ኑሬ ቀበሌ ተልኮ ሄዶ ኦቦ ገመዳን ይዞ መጣ። ሽማግሌው ፂማቸው አድጎ፣ ጫማቸው ያለ ማሰሪያ፣ ብርሃኑን እየፈሩ ቀረቡ። የሺዓለም ስታያቸው ልትስማቸው ተራመደች፤ እንባዋ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ተንጠልጥላ የነበረች ነፍሷ አሁን ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«መኪና ውስጥ ይግቡ፤ እስከ ቤትዎ እናድርስዎ» አለቻቸው። ጆንያዋን ይዛ ልትከተላቸው ስትል ግን ጓድ ደሊል ላንድሮቨሩ ጥላ ሥር ቆሞ አገኘችው።

«ጥሩ ትምህርት ነበር» አላት።

«አመሰግናለሁ።»

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። በዚያች ዙር፣ አምስት ቀይ ለጓድ አብተው፣ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእሱ፣ የመድረሱ ዕድል ስንት ነው?»

ምንም አላሰበችም፤ ደክሟት ነበር፤ ደግሞም ቁጥር ሲጠየቅ ትክክለኛውን መመለስ ሥራዋ ነው። «ያው ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ከመቶ ሦስት ያህል» አለች።

«ቦሎቄውን የለቀመው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ጆንያውን የነቀነቀው?»

«እኔ» አለች፤ የዚህኛው መልስ ድምፅ ለራሷ እንኳ አልተሰማትም።

ደሊል ራሱን ነቀነቀ። «ከመቶ ሦስት» አለ። «ከአምስት ያንሳል፤ ኮከብ ይገባዋል ማለት ነው።»

«ጓድ ደሊል፣ እንደሱ አይደለም። ለማንም ሊደርስ ይችል ነበር። ሃያ ሰው ነው፣ ሁለት ዙር ነው፤ አስቀድሜ ለእሱ ይደርሳል አላልኩም፤ ከደረሰ በኋላ ነው እሱን...» እያለች አንዱን ቃል ከሌላው ላይ ደረበችው። ሰውየው አላቋረጣትም። እስክትጨርስ ድረስ በትሕትና አዳመጣት፤ አዳራሽ ውስጥም እንዲሁ ነበር ያዳመጣት።

«ገባኝ» አለ። «ነገ ጠዋት አውራጃ ጽሕፈት ቤት ብቅ በይ። ለእኛም ሰዎች ታስረጂልናለሽ።» የመኪናውን በር ራሱ ከፈተላት።

ገብታ ተቀመጠች። ኦቦ ገመዳ ቦታ ለቀቁላትና በኦሮምኛ መረቋት፤ ልጅ ውለጂ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ክፉ አይይሽ አሏት። ራህመቶ ሞተሩን አስነሳ። የሺዓለም ጆንያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ብቻ ታያለች፤ ወደ ኋላ ብትዞር ሰውየው ቆሞ የሚያያት መሰላት።

«ያ ትልቁ ሰውዬ ምን አለሽ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉ ኦቦ ገመዳ።

«ጥሩ ትምህርት ነበር አለኝ።»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። «እንግዲህ ገባቸው በያ።»

«ገብቷቸዋል» አለች።